መቀሱን ያዢው!

ቤትሽ የስፌት መኪና አለ?

ካለ፣ አሁን ምን እየሠራ ነው? እየሰፋ ነው? ወይስ ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት የሳሎን ጌጥ ሆኗል?

አትፈሪ። የእንደዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት ብዙ ናት። አንዷ ከአረብ አገር ስትመለስ በቁጠባዋ የገዛችው ነው። አንዷ ሠልጥና፣ የምስክር ወረቀት ተቀብላ፣ ቤተሰብ አዋጥቶ ያስገባላት ነው። መኪናው ገባ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ዝም።

ሰዉ ምን ይላል? "ሰነፍ ሆና ነው" ይላል። "ገንዘቧን አባከነች" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የስፌት ማስተማሪያ ቤቴን የከፈትኩትም ስለማልስማማ ነው።

(ወንድ አንባቢዬ፣ "አንቺ" እያልኩ ስጽፍ ፊትህን አታዙር። በየበረንዳው መኪና ዘርግቶ የምታየው ሰፊ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ወንበሩ ያንተም ነው፤ ተቀመጥ።)

የኔን ታሪክ ባጭሩ ልንገርሽ።

ሙያውን የጀመርኩት አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ በረዳትነት ነው። ሥራዬ ምን ነበር? መተኮስ። ቁልፍ መትከል። የሱሪ ጫፍ መቀምቀም። ያለቀውን ልብስ ገልብጦ የተንጠለጠለ ክር መልቀም። ቆይቶ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ቀጥ ያለ ስፌት፣ ከዚያ ኪስ፣ ከዚያ ዚፕ። እጄ ፈጠነ። ደንበኞቹም "ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት" ይሉ ጀመር።

ቅዱ ግን የባለ ሱቁ፣ የጋሼ ነበር።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጉት እሳቸው። በጠመኔ የሚያሰምሩት እሳቸው። ትልቁን መቀስ የሚያነሱት እሳቸው። ብዙ ጊዜ እኛ ጠዋት ስንገባ ቆርጠው፣ ጥቅልል አድርገው፣ በእራፊ አስረው ያስቀምጡልናል። ከረዳቶቹ አንዱ "ጋሼ፣ ይቺን ክብ እንዴት አወጧት?" ብሎ ሲጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ዓይንህ ይይ!"

ዓይናችን አየ። ቁጥሩ ግን ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጭንቅላት ደግሞ በዓይን አይነበብም።

አልፈርድባቸውም። መቀስ የለመደ ረዳት ነገ ከፊት ለፊታቸው ሱቅ ሊከፍት ይችላል። ቅዱ እንጀራቸው ነው፤ እንጀራውን ሜዳ ላይ የሚጥል ሰው የለም። እሳቸውም ከጌታቸው የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አጠገብ ቆሞ፣ ጠብቆ፣ ሰርቆ በማየት።

አንቺ ግን ያን ሁሉ ዓመት መጠበቅ አለብሽ? የለብሽም!

እኔ አልጠበቅኩም። አንድ ቀን ከሰልባጅ ተራ አንድ አሮጌ ጉርድ ቀሚስ ገዛሁ። ልለብሰው አልነበረም። ቤቴ ወስጄ በምላጭ ስፌቱን ፈታሁት። ዚፑን አወጣሁ፣ ቀበቶውን ለየሁ፣ የታጠፈውን ጫፍ ዘረጋሁ። የቀሩትን ቁራጮች ተኩሼ ጋዜጣ ላይ አነጠፍኳቸውና ዙሪያቸውን በእርሳስ አሰመርኩ።

ጋሼ የደበቁት ነገር ሁሉ ጋዜጣው ላይ ወጣ።

የጎኑ መስመር ከዳሌ በላይ ወደ ውስጥ ምን ያህል ይገባል? ተለካ። ወገቡ ላይ ጨርቁ ተቆንጥጦ የተሰፋባቸው ሾጣጣ እጥፋቶች ስንት ናቸው? ተቆጠሩ። የኋላው ከፊተኛው ይለያል? ይለያል፤ በዓይኔ አየሁት። ያ ጋዜጣ ለኔ መምህሬ ሆነ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልውሰድሽ። ስፌት ቤቱ የተወለደው ከእሷ ሳሎን ነውና።

ጎረቤቴ ከቤሩት የተመለሰች ጎበዝ ሴት ናት። መኪናዋን ገዝታለች፣ ሥልጠናም ወስዳለች። መኪናው ግን ጥግ ላይ ተሸፍኖ ቆሟል። "ምነው?" አልኳት። "ተበላሽቷል፤ ከሥር ክሩን ያንዛዛዋል" አለችኝ። ገልጠን አየነው። ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ቋጠሮ እየተጠቀለለ ይወጣል።

ይሄን ልብ በዪ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ችግሩ ከሥር ሲታይ ሁሉም የታችኛውን ክር ይነካካል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። የላይኛውን ክር ስታስገቢ ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ወደ ላይ መነሳት አለበት። እግሩ ወርዶ ከሆነ፣ ክሩን ወጥሮ የሚይዙት ሁለቱ ትንንሽ ሰሃኖች ተጣብቀዋል፤ ክሩ መሃላቸው አይገባም። ያልተያዘ ክር ልቅ ነው፤ ልቅ ክር ደግሞ ከሥር ይከመራል። እግሩን አነሳን፣ ክሩን አውጥተን እንደገና አስገባን፣ ሰፋን። ስፌቱ ጥርት ብሎ ወጣ። መካኒክ አልተጠራም።

ደስ አላት። ቁራጭ ጨርቅ ላይ ወዲያና ወዲህ አስሮጠችው። ከዚያ ቆመች።

"በይ አሁን ለራስሽ ጉርድ ስፊ" አልኳት።

"መስፋቱን እችላለሁ። ማን ይቁረጥልኝ?"

ሥልጠናው የተቆረጠ ጨርቅ እያቀረበ ስፌት አስተምሯታል። ለፋብሪካ መስመር ይህ ይበቃል፤ እዚያ ቆራጩ ሌላ ሰው ነው። ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ለምትሠራ ሴት ግን አይበቃም። ያለ ቅድ መኪና ማለት ያለ ሊጥ ምጣድ ማለት ነው።

ለነገሩ መኪናውን ቤት ማስገባት ድሮም ቢሆን ቀላሉ ክፍል ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሲንገር ኩባንያ መኪናውን በየወሩ እየተከፈለ መሸጥ ጀመረ። ሐሳቡ የአይዛክ ሲንገር ሸሪክ የኤድዋርድ ክላርክ ነበር። ሙሉ ዋጋውን ባንድ ጊዜ መክፈል የማትችል ቤተሰብ ጥቂት ከፍላ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚሸጥልሽ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። መቀሱን የሚያስይዝሽ ሰው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ወሰንኩ። መኪናን የመጨረሻ፣ መቀስን የመጀመሪያ የሚያደርግ ስፌት ቤት እከፍታለሁ!

እኛ ጋ ስትመጪ መጀመሪያ የምትይዢው ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት ነው። "መኪናው መቼ ነው?" ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ ሁሉም ይጠይቃል። መልሱ፦ ወረቀቱ ትክክል ሲሆን።

ከባድ ይመስላል? ነይ፣ የጎረቤቴን ጉርድ አብረን እንቁረጥ። መደመርና ለአራት ማካፈል ትችያለሽ? በቃ፣ ሒሳቡ ያ ነው።

መጀመሪያ ልክ።

ወገብሽ የት ነው? እጅሽን ያስቀመጥሽበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ክር ውሰጂና ሆድሽ ዙሪያ ላላ አድርገሽ እሰሪ። ወደ ግራ ዘንበል በዪ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል በዪ። ክሩ ራሱ ሄዶ ከሚያርፍበት ላይ ለኪ። ደግሞ እባክሽ ሆድሽን አትሳቢ! ሜትር ሲያይ ሆዱን የማይስብ ሰው አላየሁም። ልብሱ ግን የሚለበሰው ምሳ ከተበላ በኋላም ነው። ተንፍሺና ለኪ።

ዳሌን እግርሽን ገጥመሽ፣ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ለኪ። ከወገብ እስከዚያ ድረስ ያለውን ቁመትም ያዢ። ከዚያ የጉርዱን ርዝመት።

የጎረቤቴ ልክ እንዲህ ነበር፤ ወገብ 72 ሴንቲ ሜትር፣ ዳሌ 100፣ ከወገብ እስከ ዳሌ 20፣ ርዝመት 65።

ቀጥሎ ወረቀት።

ጉርድ አራት እኩል ሩብ ነው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ዳሌዋን ለአራት አካፈልን፤ 25። እዚህ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ጨመርን፤ 26። ለምን ጨመርን? መቀመጥ አለ፣ ታክሲ መውጣት አለ። ልክ በልክ የተቆረጠ ጉርድ ቆመሽ ያምራል፤ ስትቀመጪ ስፌቱ ይተረተራል።

ወገቧን ለአራት አካፈልን፤ 18። ግማሽ ጨመርን፤ 18 ተኩል።

አሁን ተመልከቺ። ታች 26 ነው፣ ላይ 18 ተኩል። መሃል ያለው ልዩነት 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህ ልዩነት የሆነ ቦታ መጥፋት አለበት። ቅድ የሚባለው ሙያ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ያለው!

ሁሉንም ከጎን ብትቆርጪውስ? ጎኑ በድንገት ይጎብጥና ዳሌሽ ላይ ቀንድ ያበቅላል። ስለዚህ ታከፋፍዪዋለሽ። 2 ተኩል ከጎን መስመር ላይ በቀስታ ጎበጥ አድርገሽ ትቀንሻለሽ። የቀረውን 5 ለሁለት ሾጣጣ እጥፋቶች ትሰጫለሽ፤ እያንዳንዳቸው ወገቡ ላይ 2 ተኩል ሰፍተው እየጠበቡ ወርደው ሹል ሆነው ያልቃሉ። የኋላዎቹን ከፊቶቹ ረዘም አድርጊ፤ ሆድ ከመቀመጫ ቀድሞ ነውና የሚያብጠው የፊቱ እጥፋት ቶሎ ማለቅ አለበት።

በመጨረሻ የስፌት ትርፍ። ከጎን 2፣ ከላይ 1 ተኩል፣ ከታች ለእጥፋቱ 4። መሃሉ ጨርቁ ታጥፎ ስለሚቆረጥ ትርፍ አያስፈልገውም። "ከጎን 1 አይበቃም?" ትዪኝ ይሆናል። ለፋብሪካ ይበቃል። ለሰው ልጅ ግን አይበቃም፤ ሰው ይወፍራል፣ ያረግዛል፣ ጾም ይፈታል። በጎን በኩል የተረፈ ጨርቅ ያለው ልብስ ይሰፋል፤ የሌለው ይጣላል።

አየሽ? ጋሼ የደበቁት ይኸው ነበር።

አሁን ግን መርካቶ አትሩጪ። ቆይ!

መጀመሪያ አቡጀዲ። ርካሽ ነው፣ ውፍረቱ ደህና ነው፣ እርሳስ ይጽፍበታል። ወረቀቱን አቡጀዲ ላይ አስቀምጠሽ ቁረጪ፤ በሰፊው ጠቅጥቂና ልበሺው። መስታወት ፊት ቁሚ። ከዚያ ዝም ብለሽ አንብቢ፤ ጨርቅ ይናገራል።

ከወገብ ዝቅ ብሎ አግድም የተሸበሸበ መስመር አለ? ዳሌው ጠቧል ማለት ነው፤ ጉርዱ ወርዶ መቀመጥ ስላቃተው ወደ ላይ እየሸሸ ነው። ጎኑን ልቀቂለት። ከላይ ወደ ታች የቆመ እጥፋት አለ? ሰፍቷል፤ አጥብቢው። የጎኑ ስፌት ቀጥ ብሎ ከመውረድ ይልቅ ወደ ፊት ይዞራል? ጨርቁ ዘንበል ብሎ ተቆርጧል። ወረቀቱ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ አልነበረም፤ ይህኛው ከተቆረጠ በኋላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት ከዳሩ እስከ ወረቀቱ መሃል መስመር ድረስ ከላይም ከታችም ለኪ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ መቀሱን አስቀምጪ።

የጎረቤቴ አቡጀዲ ምን አለ? ዳሌው ደህና። ጎኑ ቀጥ ያለ። ጫፉ ግን ከኋላ ወደ ላይ ተሰቅሏል።

ይህን በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ አይተሻል? ከፊት የወረደ፣ ከኋላ ያጠረ ጉርድ። ብዙ ሰፊ "ጫፉን እናስተካክለው" ብሎ ከፊት ይቆርጣል። ያን ጊዜ ጫፉ ይስተካከላል፤ ጉርዱ ግን ያጥራል፤ ከኋላም እንደተወጠረ ይቀራል። ምክንያቱን አስቢ። ከኋላ ጨርቁ መቀመጫን ዞሮ ነው የሚወርደው። የሚዞር መንገድ ከቀጥታ መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ የጎደለው ርዝመት ነው፤ የጎደለውም ላይ፣ ወገቡ ጋ ነው።

ምን አደረግን? ከኋላ ወገቡን ፈትተን ጫፉ ከፊቱ እስኪስተካከል ድረስ ጨርቁን ወደ ታች ለቀቅነው። የወረደውን ለካን፤ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ይህንኑ ወረቀቱ ላይ ከኋላ መሃል ወገብ ላይ ጨመርን፤ ወደ ጎን ስንሄድ እየቀነስን ዜሮ አደረስነው። ወረቀቱ ተስተካከለ። አሁን ይህ ወረቀት የእሷ ነው፤ ስሟን ጽፋ፣ ቀኑን አስፍራ አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። የሚቀጥለው ጉርዷ ልክ መወሰድም መሞከርም አያስፈልገውም።

ለደንበኛም እንደዚሁ ነው። የደንበኛሽን ወረቀት የያዝሽ ቀን ደንበኛሽ የትም አትሄድም!

አሁን መርካቶ።

ብትን ጨርቅ ተራ ገብተሽ "ለጉርድ ስንት ይበቃኛል?" ብለሽ ነጋዴውን አትጠይቂ። ነጋዴው ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ምን እንዲልሽ ትጠብቂያለሽ? ራስሽ አስዪ።

የጎረቤቴ አንድ ሩብ ከነትርፉ 28 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ አራቱ 112 ሆኑ። ርዝመቱ ከነትርፉ 70 ተኩል ነው፤ ከኋላ የጨመርነው ሲታከልበት 72። አሁን ጥያቄው የጨርቁ ወርድ ነው። 150 ከሆነ አራቱም ጎን ለጎን ይገባሉ፤ የአንድ ርዝመት ጨርቅ ይበቃሻል። የሚተርፈው ጠርዝ ላይ ቀበቶውን ከሁለት ቁራጭ ቀጥለሽ ታወጫለሽ። ወርዱ 110 ከሆነስ? 2 ሴንቲ ሜትር ጎደለ! በዚያች በጎደለችው ምክንያት የሁለት ርዝመት ጨርቅ መግዛት ግድ ይሆናል።

ያኔ ሰይጣን "ከጎን ትርፉ ላይ ትንሽ ቀንሺ" ይልሻል። አትስሚው። ዛሬ ከትርፉ የምትሰርቂው ነገ ልብሱ ሲጠብ የምትፈልጊው ነው።

ሌላም አለ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ምን ያህል? ለእያንዳንዱ ጨርቅ ይለያያል፤ ግን መገመት አያስፈልግሽም። ከገዛሽው ጨርቅ ጥግ ላይ በማይለቅ እስክሪፕቶ 20 በ20 የሆነ ካሬ አስምሪ። ጨርቁን ሙሉውን እጠቢ፣ አድርቂ፣ ተኩሺ፣ ካሬውን እንደገና ለኪ። 20ው 19 ከሆነ ከመቶ አምስት ገብቷል ማለት ነው። ሳታጥቢ ብትሰፊው ኖሮ 65 የነበረው ጉርድ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ 62 እንኳ አይሞላም ነበር። ደንበኛዋ ደግሞ "ጨርቁ ነው" አትልም፤ "ሰፊዋ ናት" ነው የምትለው።

ስለዚህ የጎረቤቴ ሒሳብ፦ ወርዱ 150 የሆነ ጥጥ፣ 80 ሴንቲ ሜትር። ወርዱ 110 የሆነ፣ 1 ሜትር ከ60። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋ ወጣች። ነጋዴው "ሁለት ሜትር ውሰጂ" አላት። "80 ሴንቲ ሜትር ይበቃኛል" አለችው። ቀና ብሎ አያት። "ሰፊ ነሽ እንዴ?"

"አዎ!"

ያን ጉርድ የቆረጠችው በራሷ መቀስ ነው። የሰፋችውም በዚያው ጥግ ላይ ቆሞ በነበረው መኪና። ለብሳው ስትወጣ የሰፈር ሴቶች "ማን ሰፋልሽ?" አሏት። ከዚያ በኋላ ሳሎኗ ውስጥ ወረቀት ዘርግተን የምንቀመጠው ሁለት ብቻ አልሆንንም። ወንበሩ ሲጠብ ቤት ተከራየን። ስፌት ቤቱ እንዲህ ተጀመረ።

አሁን ደግሞ የማንሰጥሽን ልንገርሽ። ይህን መስማት አለብሽ።

ኮት አናስተምርም። ኮት ትከሻና እጅጌ አለው፣ ገበር አለው፣ በውስጡ የሚያጠነክረው ጨርቅ አለው፤ ለብቻው የረጅም ጊዜ ሙያ ነው። "በአጭር ጊዜ ሙሉ ልብስ ትሰፊያለሽ" የሚልሽ ሰው ካለ ትከሻውን ሰፍቶ ያሳይሽ። የሙሽራ ልብስም አንጀምርም።

የሐበሻ ቀሚስ እንሠራለን፤ ግን መጨረሻ ላይ። ከሽሮ ሜዳ የምታመጪው የእጅ ሽመና እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አይደለም። ድሩ ላላ ያለ ነው፤ ከተቆረጠ ጠርዙ ወዲያው ይተረተራል። ስለዚህ ወዲያው ጠርዙን መዘምዘም፣ የስፌት ትርፉንም ሰፋ ማድረግ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ጥበቡ አለ። ጥበቡ ጫፉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ርዝመቱን ከታች መቁረጥ አትችዪም። ሁሉንም ማስተካከያ ከላይ፣ ከወገብ ነው የምታደርጊው። ጉርዱ ላይ የኋላውን ርዝመት ከወገብ መጨመር የለመደች ሴት ግን ይሄ አያስደነግጣትም። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግነውም ለዚህ ነው።

ደግሞ በመጀመሪያው ወር ቀሚስ እየሸጥሽ ትከብሪያለሽ አልልሽም። የመጀመሪያው ገንዘብ የሚመጣው ከማስተካከያ ነው። ሱሪ ማሳጠር። ዚፕ መቀየር። ጎን ማስፋት። ትምህርት ሊከፈት ሲል የልጆች ዩኒፎርም የሚያሳጥር ፍለጋ ወላጅ ሁሉ ይሯሯጣል፤ ሰፊው ሁሉ "ነገ" እያለ ይመልሳል። አንቺ "ዛሬ ማታ" በዪ፤ ያልሽውን ቀንም ጠብቂ። በዚህ ሙያ ደንበኛን የሚያባርረው ከመጥፎ ስፌት ይልቅ "ነገ" የሚለው ቃል ነው።

እና አንቺስ? ምን ትጠብቂያለሽ?

"እጄ አይታዘዝልኝም።" እጅሽ እርሳስ ይይዛል? ይበቃል። "ሒሳብ አልወድም።" ለአራት ማካፈል ነው፤ ስልክሽ ያካፍልልሻል። "መኪና የለኝም።" ጥሩ፤ አሁን አትግዢ። ቅዱን ሳታውቂ የምትገዢው መኪና ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬያለሁ። እኛ ጋ ባለው ተለማመጂ፤ ወረቀትሽ ልክ ሲሆን፣ ምን ዓይነት መኪና እንደምትፈልጊ ያን ጊዜ ራስሽ ታውቂያለሽ።

"ዕድሜዬ ሄዷል።" መቀስ ዕድሜ አይጠይቅም፤ መነጽርሽን ይዘሽ ነይ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊ። ከቁም ሣጥንሽ የማትለብሺውን አንድ ጉርድ አውጪ። ምላጭ ወይም ትንሽ መቀስ ውሰጂና ስፌቱን ፍቺ፤ ጨርቁን ሳይሆን ክሩን ብቻ ቁረጪ። ቁራጮቹን ተኩሺ፣ ጋዜጣ ላይ አሰምሪ። ወገቡና ዳሌው ላይ ለኪና ቁጥሩን ጻፊበት። ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሺ። ልዩነቱ የት እንደጠፋ ፈልጊ፤ ስንቱ ከጎን፣ ስንቱ በሾጣጣው እጥፋት?

ካገኘሽው፣ ግማሹን መንገድ ብቻሽን ሄደሻል። ካላገኘሽው፣ ጋዜጣውን እንዳለ ጠቅልለሽ ይዘሽልን ነይ፤ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታችን እሱ ነው።

ለአዲሱ ዙር ምዝገባ ተከፍቷል። ክፍያውን ባንድ ጊዜ ካልቻልሽ በየወሩ ከፋፍለሽ መክፈል ትችያለሽ። አንዱ የመቁረጫ ጠረጴዛ በደንብ የሚያሠራው አራት ሰው ስለሆነ ከዚያ በላይ አንቀበልም። ሜትር፣ እርሳስ፣ ረጅም ማስመሪያና ሁለት ሜትር አቡጀዲ ይዘሽ ነይ። ቦታሽን አሁን ያዢ!